የማያውቃችሁ አድማጭ እንዲያገኛችሁ

ፖድካስት ለምታዘጋጁ ወጣቶች አንድ ምክር አለኝ። የክፍሉን ርዕስ ድምፁ ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ፣ ለመጫን ስትጣደፉ፣ በሁለት ደቂቃ አትጻፉት። “ክፍል 27፦ ከእንግዳችን ጋር የተደረገ ልዩ ቆይታ” የሚለው ዓይነት ርዕስ በየመተግበሪያው ሞልቷል። ለለመዳችሁ አድማጭ ይበቃው ይሆናል፤ እሱ ርዕሱን ሳያይም ይከፍተዋልና። ችግሩ ስማችሁን ሰምቶ የማያውቀው ሰው ጋ ነው። ያ ሰው የሚፈልገው እናንተን ሳይሆን ለጥያቄው መልስ ነው፤ በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ የሚጽፈውም ጥያቄውን ነው። አፕል ፖድካስትስን የመሰለ ማውጫ ሲፈልግለት በዋናነት የሚመዝነው የፕሮግራሙን ስምና የክፍሉን ርዕስ ስለሆነ፣ ጥያቄው በርዕሱ ላይ ካልተነካ በውስጡ የተነገረው ቁም ነገር ሁሉ አይታይለትም። በእንግሊዝኛ ለሚያዘጋጁት ቀዳዳው ትንሽ ይደፈናል፤ አፕል በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ንግግርን ራሱ ወደ ጽሑፍ መለወጥ ሲጀምር እንግሊዝኛን፣ ፈረንሳይኛን፣ ጀርመንኛንና ስፓኒሽን ይዞ ነበር የተነሳው። አማርኛ አልነበረበትም። ስለዚህ ማሽኑ ንግግሬን ሰምቶ ያስተዋውቅልኛል ብላችሁ አትተማመኑ፤ የሚያስገኛችሁ በእጃችሁ የጻፋችሁት ነው።

እስቲ ያንን 27ኛ ክፍል እንየው። አንድ ሐኪም የስኳር ሕመምተኛ በጾም ወቅት ስለሚወስደው ጥንቃቄ የተናገረበት ነው እንበል። ርዕሱ “የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እንዴት ይጹም? ከሐኪም ጋር” ቢባል፣ ጉዳዩ ፊት ይመጣል፤ የስልክ ስክሪን ጫፉን ቢቆርጠው እንኳ የሚቀረው ዋናው ነገር ነው። የክፍሉ ቁጥር በርዕሱ ውስጥ ቦታ አይያዝ። ቁጥሩ የራሱ ሳጥን አለው፤ ማስተናገጃው ላይ ስትሞሉት በመጋቢው ፋይል ውስጥ እንዲህ ሆኖ ይቀመጣል፦

```
<title>የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እንዴት ይጹም? ከሐኪም ጋር</title>
<itunes:episode>27</itunes:episode>
```

በአማርኛ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለብን። አንዱ “ጾም” ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው “ፆም”፤ “ሕመም” የሚልም “ህመም” የሚልም አለ። ለእኛ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፣ ሁሉም የፍለጋ ሥርዓት አያመሳስላቸውም። የትኛው እንደሚበዛ ለማወቅ ዩቲዩብ ላይ ቃሉን ጀምራችሁ ሳጥኑ ራሱ የሚጠቁመውን ተመልከቱ። የበዛውን ለርዕሱ ስጡት፣ ሌላውን አጻጻፍ በመግለጫው ውስጥ አንድ ጊዜ በወጉ አስገቡት። አንድ ጊዜ ነው ያልኩት። ቃላት እየደረደሩ ርዕስን ማሳበጥ አፕል በግልጽ የሚከለክለው ነገር ነው፤ ፕሮግራሙን ከማውጫው እስከማስወጣት ሊያደርስ ይችላል።

“እንዲህ ሁሉን የሚያወጣ ርዕስ ጉጉት ይገድላል” የሚል መከራከሪያ እሰማለሁ። መከራከሪያው ከንቱ አይደለም፤ ስማቸው የገነነ አቅራቢዎች በሁለት ቃል እንቆቅልሽ ብዙ ሰው ይስባሉ። ግን የሚስበው ስማቸው ነው፤ አድማጩ አስቀድሞ ያምናቸዋል። አዲስ አዘጋጅ ያንን እምነት ገና አላገኘም። ደግሞም ከላይ ያለው ርዕስ ጥያቄውን ጠየቀ እንጂ አልመለሰም፤ ጉጉቱ እዚያው አለ።

መግለጫውን ማንም አያነበውም የሚሉም አሉ። ብዙው አድማጭ እስከ መጨረሻው እንደማያነበው እኔም እቀበላለሁ፤ ምክንያቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአጻጻፉ ነው። መተግበሪያዎቹ መጀመሪያ የሚያሳዩት ጥቂት መስመር ብቻ ሆኖ ሳለ፣ እነዚያን መስመሮች “እንኳን በደህና መጣችሁ፣ ሰብስክራይብ ማድረግ አትርሱ” በልቷቸው ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ማን እንደተናገረና የትኛውን ጥያቄ እንደመለሰ ይንገሩ፤ የእንግዳው ሙሉ ስምና ሙያ እዚያው ይግባ፣ በስሙ የሚፈልገው ሰው ይኖራልና። ከዚያ በኋላ “12:40 መድኃኒት የሚወሰድበት ሰዓት” እንደሚል ያለ የደቂቃ ምልክት ይከተል። የማስታወቂያውና የማኅበራዊ ገጾቹ አድራሻ ከታች ይሁን። ርዝመቱንም ጠብቁ፦ አፕል ለመግለጫ የሚፈቅደው በባይት የተወሰነ ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ለእኛ የሚደርሰን ፊደል በእንግሊዝኛ ከሚጽፉት ያነሰ ነው። ይኸው መግለጫ በራሳችሁ ድረ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ ክፍል በተለየ ገጽ ቢወጣ ደግሞ ጉግል የሚያነበው ነገር ያገኛል፤ የጉግል የራሱ የፖድካስት መተግበሪያ በ2024 እ.ኤ.አ. ስለተዘጋ በዚያ በኩል የቀረላችሁ መንገድ የተጻፈ ገጽና ዩቲዩብ ነው።

መሥራቱን ለማወቅ፣ ክፍሉ ከወጣ ጥቂት ቀናት በኋላ ፕሮግራማችሁን በማይከታተል ሰው ስልክ ላይ የጉዳዩን ቃል ብቻ ጽፋችሁ ፈልጉ። የምትገኙት የፕሮግራሙን ስም ስትጽፉ ብቻ ከሆነ ርዕሱ ሥራውን አልሠራም፤ ቀይሩት። የቆዩ ክፍሎችንም እንዲሁ ማደስ ይቻላል፣ ግን ያንኑ ክፍል ከፍታችሁ ርዕሱን አርሙ እንጂ ሰርዛችሁ እንደ አዲስ አትጫኑ። እያንዳንዱ ክፍል `guid` የሚባል የማይለወጥ መለያ አለው፤ እሱ ከተቀየረ መተግበሪያው አዲስ ክፍል መጣ ብሎ ለነባር ተከታታዮች ሁሉ የሰሙትን መልሶ ይልክላቸዋል።