«በፊት» እና «በኋላ»፦ የጥር ፀሐይ የማን ሥራ ናት?

ሁለት ፎቶ አንሥቻለሁ። አንዱንም አልነካካሁትም፤ ቀለም አልጨመርኩበትም፣ ያልነበረ ዕቃ አላስገባሁበትም። በሁለቱም ላይ የሚታየው ነገር እንዳለ የነበረ ነው። ሆኖም ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ሰው አታለሉ። ይሄ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ዓመት ያህል ፈጅቶብኛል፤ ዛሬም ጥያቄው ሙሉ በሙሉ የለቀቀኝ አይመስለኝም።

ነገሩ ዲላ ውስጥ ነው። ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ የጭቃ ቤት የፊት ክፍሉ ታድሶ ቡና መጠጫ ሆነ። ግድግዳው ጥቁር አረንጓዴ ነበር፣ ነጭ ተቀባ። ወለሉ ሊሾ ተደረገ። ወደ ደቡብ የሚያየው ትንሽ መስኮት በእጥፍ ሰፋ። «በፊት» የሚለውን ያነሣሁት በሐምሌ፣ አመሻሽ ላይ፣ ሰማዩ ደፍኖ፣ በስልኬ ነው። ጥግ ላይ ጆንያ ተከምሯል፣ ገመድ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። «በኋላ» የሚለውን ደግሞ በጥር፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በሰፊ ሌንስ አነሣሁት። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ሊሾው ላይ ተኝታለች። ረከቦቱ ተደርድሯል፣ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ያየው ሁሉ «እንዴ! ይሄ ያ ቤት ነው?» አለ።

ጥር በጌዴኦ የቡና ገንዘብ እጅ የሚገባበት ሰሞን ነው። ቤት የሚታደሰውም፣ ቆርቆሮ የሚቀየረውም ያኔ ነው። አንዲት ጎረቤት እነዚያን ሁለት ፎቶዎች አይታ መጣች። «ወንድሜ፣ እኔም እንደዚህ ብርሃን እንዲገባልኝ ነው የምፈልገው» አለችና ጣቷን ሊሾው ላይ የተኛችው ፀሐይ ላይ አደረገች። ሥራው ተጀመረ፤ ሚያዝያ ላይ አለቀ። መስኮቷ ሰፋ፣ ግድግዳዋ ነጣ። ያቺ ፀሐይ ግን አልመጣችም። የእሷ መስኮት የሚያየው ወደ ሰሜን ነዋ!

እዚህ ላይ ስለ ዲላ ፀሐይ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ዲላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ወገን አትሄድም። መጋቢት መጨረሻ ላይ ቀትር ላይ ልክ ከአናት በላይ ትሆናለች፤ ከዚያ በሰሜን በኩል ትሄድና ጳጉሜ ላይ እንደገና በአናት አልፋ ወደ ደቡብ ትመለሳለች። ታኅሣሥ 12 አካባቢ የቀትር ፀሐይ ከአናት ወደ ደቡብ ሠላሳ ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች። እንግዲህ የደቡብ መስኮት በጥር ፀሐይ ያገኛል፤ በሰኔና በሐምሌ ግን ቀኑን ሙሉ ቢከፈትም ቀጥተኛ ፀሐይ አይገባበትም። የሰሜን መስኮት ተቃራኒው ነው፤ ፀሐይ የምትደርሰው ሰማዩ በሚደፍንበት ወራት ነው።

የእኔ ሁለት ፎቶዎች ይህን ሁሉ ደብቀው ነበር። የሐምሌን አመሻሽ ለአሮጌው ቤት፣ የጥርን ጠዋት ለአዲሱ ቤት ሰጥቻለሁ። ያየ ሰው ልዩነቱን በሙሉ ለግንበኛው ሥራ ሰጠ፤ ከልዩነቱ ትልቁ ድርሻ ግን የወቅቱ ነበር። ጎረቤቲቱ ነገሩ ሲገባት በንዴት ሳይሆን በትካዜ የተናገረችው አይረሳኝም፦ «ለካ እኔ የገዛሁት መስኮት አይደለም፤ የጥርን ፀሐይ ነው።»

ሰዎች ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ማን ነው ለፎቶ የማይዘጋጅ?» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ሙሽራም ትኳላለች። ግን የሙሽራ ፎቶ አንድ ፎቶ ነው፤ «ይህን ያመጣው ይህ ነው» አይልም። ሁለት ፎቶ «በፊት» እና «በኋላ» ተብሎ ሲጣመር ግን ስለ ምክንያትና ውጤት ይናገራል፦ በመካከል የገባው ነገር ዲዛይኑ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ያያችሁትን ለውጥ ያመጣው እሱ ነው ይላል። ውሸቱ በአንዱም ፎቶ ውስጥ የለም። ያለው በመካከላቸው ነው፤ «እና» በምትለው ትንሽ ቃል ውስጥ። ለዚህ ነው ፎቶውን አልነካካሁም ማለት የማያድነኝ።

ነገሩን ለማስተካከል የቻልኩት በአጋጣሚ ነው። የጎረቤቲቱን ክፍል ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለግንበኛው ልኬት ብዬ በመቆሚያ ላይ በተተከለ ካሜራ አንሥቼው ነበር። ቀኑ ጥር 17፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት። ካሜራው ከወለል አንድ ሜትር ከአርባ፣ ከኋላ ግድግዳ እጅ ያህል ርቆ። ምሥራቁ በር ክፍት ነበር፤ የበሩ መቃን ጥላ ደፉ ላይ የት እንደሚያርፍ በፎቶው በግልጽ ይታያል። «በኋላ» የሚለውን በዚያው ልክ ማንሣት እችላለሁ ማለት ነው።

ግን መቼ? ሥራው ባለቀበት በሚያዝያ ፀሐይዋ ሌላ ናት። ፀሐይ አንድን መንገድ በዓመት ሁለት ጊዜ ትሄድበታለች፤ አንዴ ወደ ደቡብ ስትወርድ፣ አንዴ ስትመለስ። የመመለሻዋ ቀን ታኅሣሥ 12 ገደማ ነው። ጥር 17 ከዚያ 35 ቀን በኋላ ስለሆነ ጓደኛው 35 ቀን በፊት ያለው ኅዳር 7 ነው። ስለዚህ ኅዳርን ጠበቅሁ። ሌላው ወጥመድ ሰዓቱ ነው። በኅዳር ፀሐይዋ ከሰዓታችን ትቀድማለች፣ በጥር መጨረሻ ትዘገያለች፤ የሁለቱ ልዩነት ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። «በዚያው ሦስት ሰዓት» ያልኩ እንደሆነ ተሳስቻለሁ። እኔ ሰዓቱን ትቼ የበሩን ጥላ ተከተልኩ። ጥላው ደፉ ላይ እዚያው ምልክት ዘንድ ሲደርስ የእጄ ሰዓት ሁለት ተኩል አልፎ ጥቂት ደቂቃ ይላል።

ካሜራውንም ዝም ማሰኘት ያስፈልጋል። ለራሱ ከተተወ ነጭ ግድግዳ ሲያይ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ጥቁር ግድግዳ ሲያይ ይጨምራል፤ ልዩነቱን ራሱ ይበላዋል። ስልክማ ከዚህም አልፎ ጨለማውን ያፈካል። ስለዚህ ሌንሱን፣ የብርሃን መጠኑን፣ የቀለም ሚዛኑን በጥር እንደነበሩ ቆለፍኳቸው። «አንድ ዓይነት ብርሃን» ማለት ሁለቱ ፎቶዎች እኩል ይብራሩ ማለት አይደለም። ከውጭ የሚመጣው ፀሐይና የካሜራው ዓይን አንድ ይሁኑ፣ ቤቱ ከዚያ የቻለውን ያድርግ ማለት ነው።

ዕቃውስ? በጥር ክፍሉ ተጠርጎ ነበር፤ በኅዳርም ተጠረገ። አግዳሚው ወንበር ቦታው ተመለሰ። ረከቦቱ ይቅረብ ሲባል «ያኔ አልነበረም» ብዬ እምቢ አልኩ። የባለቤቲቱ እናት በሩ አጠገብ ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው «አዲሱን ስትጠርጉለት አሮጌውን ቆሻሻ አድርጋችሁ ታሳዩታላችሁ፤ ያንን ግድግዳ እኮ እኔ ነኝ በየዓመቱ ስለቀልቅ የኖርኩት» አሉ። ስለ ደንበኛ ብቻ ሳስብ ነበር። እማማ ሌላ ተበዳይ አሳዩኝ፦ አሮጌውን ቤት ያቆመውን ሰው። በሶንጎ የተቀመጡ ሽማግሌዎች አንዱን ከሳሽ በጠዋት ረጋ ብለው ሰምተው ሌላውን በምሽት እየተቻኮሉ ቢሰሙት ፍርዱን ማን ይቀበለዋል? አሮጌው ቤትም እንደዚያው እኩል መሰማት አለበት።

ውጤቱስ? ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ሳደርጋቸው ማንም «እንዴ!» አላለም። ባለቤቲቱ ትንሽ ዝም ብላ «ብዙም አልተለወጠማ» አለች። ቀስ ብለን ስናይ ግን ለውጡ ነበር። ፀሐይ የለችም፤ ለስለስ ያለ፣ ጥላ የማያጠቁር ብርሃን ግን ከመስኮቱ አጠገብ ጨምሯል። የኋላው ጥግ፣ ድሮ የተቀመጠ ሰው ፊት የማይለይበት፣ አሁን ይታያል። ይህን ያደረገው መስኮቱ ነው ወይስ ነጩ ቀለም? ፎቶዎቹ አይመልሱም። ከመስኮቱ የራቀ ጥግ የሚበራው ግድግዳው በሚመልሰው ብርሃን ስለሆነ ቀለሙን እጠረጥራለሁ፤ ቀለም ደግሞ ግድግዳ አፍርሶ መስኮት ከማስፋት እጅግ ይረክሳል። ቀለሙ ተቀብቶ መስኮቱ ሳይፈርስ ሦስተኛ ፎቶ አንሥቼ ቢሆን እናውቅ ነበር። የተጣመሩ ፎቶዎች ወሰናቸው እዚህ ነው፤ የጠቅላላውን ለውጥ ያሳያሉ እንጂ ለእያንዳንዱ ሥራ ድርሻውን አያካፍሉም።

ያላስተካከልኩትም አለ። በጥር በበሩ በኩል የሚታየው እንሰት በኅዳር ተነቅሎ ነበር፤ ስለዚህ በዚያ በኩል ትንሽ ብርሃን ጨምሯል። ይህን ከፎቶው ሥር ጻፍኩት።

ይህ ዘዴ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ቤልጄማዊው የመልክዓ ምድር ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የተነሡ ፎቶዎችን ይዘው፣ ከ140 ዓመት በኋላ ቦታዎቹን ፈልገው፣ በተመሳሳይ ወቅት መልሰው አነሷቸው። ብዙ ሰው ድሮ ደን ነበረ፣ ዛሬ ተራቆተ ብሎ ነበር የሚጠብቀው። የተጣመሩት ፎቶዎች ግን በእነዚያ ቦታዎች ዛሬ ዛፉም የአፈር ጥበቃውም ከያኔው የተሻለ መሆኑን አሳዩ። አንዱ በክረምት አንዱ በበጋ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ የፈለጉትን ሁሉ ማስባል ይቻል ነበር።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከኮሪደር ልማቱ ጋር «በፊት» እና «በኋላ» በየስልካችን ሞልቷል። እኔ አሁን እንዲህ ያለ ጥንድ ሲመጣልኝ አዲሱን ነገር መጨረሻ ላይ ነው የማየው። መጀመሪያ ያልተለወጠውን እፈልጋለሁ፦ የበር መቃን፣ ምሰሶ፣ ጎረቤት ጣሪያ። መጠኑና ማዕዘኑ በሁለቱ ፎቶ አንድ ነው? ጥላው ወደ አንድ ወገን ይወድቃል? ሰማዩ አንድ ነው? ያልተለወጠው ነገር ተለውጦ ከታየ፣ የተለወጠውን ለማመን አልቸኩልም። ከዚያ ፎቶው የማይዘውን እጠይቃለሁ፤ እዚያ ጥግ ቡና የምታፈላው ሴት አሁን የት ናት? ካሜራና ብርሃን ቢመሳሰሉም ይህን አይመልሱም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፎቶዎች አነሣኋቸውና በቦታቸው የጎረቤቲቱን ጥንድ፣ ቀኑን፣ የጥላውን ነገርና የእንሰቱን ነገር ጽፌ አስቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ «እንደዚህ አድርግልኝ» ብሎ የሚመጣው ሰው ቀንሷል። የሚመጡት ግን በመጀመሪያ የሚጠይቁኝ «የእኔ መስኮት ወዴት ነው የሚያየው?» ብለው ነው።