«ያልከፈላችሁ» የምትለው ቃል

በእቁባችን 12 ሰዎች ነን። እያንዳንዳችን በወር 5,000 ብር እንጥላለን፣ ባለተራው 60,000 ይረከባል። እጣው መስከረም ላይ ለሁሉም ወር በአንዴ ስለወጣ ማን መቼ እንደሚወስድ ይታወቃል። ፕሮግራመር ስለሆንኩ ጸሐፊያችን ወር በገባ ቁጥር ማስታወሻውን በቴሌግራም የሚልክ ነገር እንድሠራለት ጠየቀኝ። ኮዱ የአንድ ማታ ሥራ ነው። የከበደው መልዕክቱ ራሱ ነው። የቆየው እንዲህ ይላል፦

«ያልከፈላችሁ እስከ ዛሬ ማታ አስገቡ! የሰው ተራ ማበላሸት ነውር ነው።» ከሥሩ የስም ዝርዝር አለ፤ በከፈለው ፊት አረንጓዴ፣ ባልከፈለው ፊት ቀይ ምልክት።

መጋቢትን እንውሰድ። ሰባተኛው ወር ነው፣ ሦስት ሰው ዘግይቷል። አንዱ ጥቅምት ላይ 60,000 ወስዷል። እስካሁን የጣለው ስድስት ጊዜ፣ 30,000 ነው። ስለዚህ የእቁቡ 30,000 ብር እጁ ላይ ነው። ሁለተኛዋ ተራዋ ሐምሌ ነው። እሷም 30,000 ጥላለች፣ የወሰደችው ግን የለም። ለእሷ ባለዕዳው እቁቡ ነው። ዝርዝሩ ላይ ግን ሁለቱም ፊት ያው ቀይ ምልክት ነው ያለው። አበዳሪና ተበዳሪ አንድ ላይ ተሰድበዋል።

ታዲያ ማስታወሻው ይለያያቸው? እኔ አይለያያቸው ባይ ነኝ። የዚህ ወር ግዴታቸው እኩል ነው፤ ሁለቱም የመጋቢትን ባለተራ እያስጠበቁ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። የወሰደው ሰው ሲወስድ ዋስ ጠርቷል፣ ስለዚህ ዋሱ ይጠየቃል። ይሄ ሁሉም አስቀድሞ የተስማማበት ደንብ ስለሆነ ውርደት የለበትም። ያልወሰደችው ደግሞ የጣለችው ገንዘብ ራሱ መያዣ ነው።

ከዛ ሰዋስው ይመጣል። «ያልከፈላችሁ» ሲባል አንድ የዘገየ ክፍያ የሰው መጠሪያ ይሆናል። «ያልገባ መዋጮ» ሲባል ግን የዘገየው ብሩ ነው። አማርኛ «ክፈል» ወይ «ክፈዪ» ካላልክ አያስኬድም፣ «እርስዎ» ደግሞ በጓደኛሞች መሃል ፖሊስ ጣቢያ የተጠራህ ያስመስላል። መውጫው ዓረፍተ ነገሩን ለገንዘቡ መስጠት ነው፦

«ሰላም። የመጋቢት እቁብ 5,000 ብር፣ መሰብሰቢያው 25፣ ባለተራው የሚረከበው 27 ነው። በቀኑ የማይደርስ ከሆነ እስከ 23 ለጸሐፊው በግል መንገር ይቻላል። ቀድሞ የገባ ከሆነ ይሄ መልዕክት አይመለከትም።»

ይሄ በ20 ለ12ታችንም በግል ይላካል፣ ለባለተራውም ለዳኛውም ጭምር። ለሁሉም ስለሚሄድ መላኩ ብቻውን ማንንም አይጠቁምም። ግሩፑ ላይ የሚወጣው አንድ መስመር ነው፦ «ከ60,000 ውስጥ 45,000 ገብቷል።» «የከፈላችሁ እናመሰግናለን» ብሎ ስም መዘርዘርም ቀርቷል። የተመሰገኑትን ዘጠኝ ያነበበ ሰው ሦስቱን ለማወቅ ምን ያቅተዋል?

አንድ አባል ጠንከር ያለ ነገር አነሳ። እቁብን በብዛት የሚያስከብረው ይሉኝታ ነው፤ እሱን ካነሳህ ምን ይቀራል? እውነት አለው። ግን ይሉኝታ እኩል አይነካም። ደንታ የሌለው ሰው ቀዩን ምልክት አይቶ ያልፋል። ይሉኝታ ያለው ነው ስልኩን የሚያጠፋው። እሱ ስልኩን ሲያጠፋ ደግሞ ጸሐፊው በጣም የሚፈልገውን ነገር ያጣል፦ ብሩ መቼ እንደሚመጣ ማወቅን። ባለተራው በ27 የቤት ኪራይ ቅድሚያ ሊከፍል ከሆነ፣ 5,000 እንደሚጎድል በ23 ቢሰማ ሌላ መላ ይፈልጋል። በ27 ቢሰማ ቤቱ ያመልጠዋል። «እስከ 23» የምትለዋ ሐረግ ከሁሉም በላይ የቆመችው ለእሱ ነው።

ሌላው ጥርጣሬ የከበደ ነው። ስም ካልወጣ ጸሐፊው ለወዳጁ ዝም ብሎ ቀን ቢጨምርለት ማን ያውቃል? ለዚህ መዝገቡን ዳኛውም ያየዋል፣ ማንኛውም አባል ስብሰባ ላይ «ይከፈት» ማለት ይችላል። መዝገብ ጠይቆ የሚያየው ነው፣ ዝርዝሩ ግን ሳትጠይቅ ስልክህ ላይ ይጮሃል።

በ12 ሰው መሃል ምስጢር ብዙ አይቆይም። 55,000 ላይ ሲቆም መገማመት ይጀመራል፣ ይሄን የትኛውም አጻጻፍ አያስቀረውም። ግን ጎረቤት ገመተ ማለትና እቁቡ በራሱ ስም አወጀ ማለት ይለያያል። የመጀመሪያው ወሬ ነው፤ ሁለተኛው ፍርድ ነው፣ ያውም የሚያዘገየው ምን እንደሆነ ሳይጠየቅ የተሰጠ።