ውኃው ጥልቀቱን ከየት ያገኛል?

ድንጋይ ቁልቁል ሲለቀቅ እየፈጠነ ይሄዳል። ውኃስ ተዳፋት ቦይ ውስጥ ለምን እንዲያ አያደርግም? ቦዩ ረጅም፣ ቀጥ ያለና ስፋቱ የማይለዋወጥ ከሆነ፣ ውኃው ጥቂት እንደሄደ አንድ ፍጥነትና አንድ ጥልቀት ይዞ ይዘልቃል። ክብደቱ ቁልቁል የሚስበውን ያህል ወለሉና ግድግዳው ወደ ኋላ ይይዙታልና። ይህ ሚዛን የሚገኝበት ከፍታ መደበኛ ጥልቀት ይባላል።

ስበቱን ከተዳፋቱ ማስላት አይከብድም። የግድግዳውን መያዝ ግን በምን እንለካዋለን? አየርላንዳዊው መሐንዲስ ሮበርት ማኒንግ እ.ኤ.አ. በ1889 ያቀረበው ሐሳብ ዛሬ በዚህ ቀመር ይጻፋል፦

```
Q = (1/n) · A · R^(2/3) · S^(1/2)
```

Q በሰከንድ የሚያልፈው ውኃ፣ A የውኃው መስቀለኛ ቁርጥ ገጽ ስፋት፣ S ተዳፋቱ ነው። R የሚገኘው A ውኃው ለሚነካው ወለልና ግድግዳ ርዝመት ሲካፈል ነው። ሸካራነቱን የተሸከመችው n ናት።

ስፋቱ 2 ሜትር የሆነ፣ በ1,000 ሜትር 1 ሜትር የሚወርድ የኮንክሪት ቦይ 3 ሜትር ኩብ በሰከንድ ያሳልፍ እንበል፤ n 0.015 ትሁን። ጥልቀቱ A ውስጥም R ውስጥም ስለተሸሸገ በአንድ እርምጃ አይወጣም፤ እየገመቱ መፈተሽ ነው። 1 ሜትር ብንል ቀመሩ 2.66 ይሰጣል፤ ያንሳል። 1.10 ስንል A 2.2 ካሬ ሜትር፣ የሚነካው ዙሪያ 4.2 ሜትር ሆኖ 3.01 ይወጣል። ጥልቀቱ 1.10 ነው።

ግን 0.015 ከየት መጣ? ሰዎች ሌላ ቦይ ላይ ጥልቀቱንና ውኃውን ለክተው n ን ወደ ኋላ አስልተው ሠንጠረዥ ላይ ስላሰፈሩት ነው። ጥልቀትን የምናገኘው በ n፣ n ን ያገኘነው በጥልቀት ከሆነ፣ እየዞርን አይደለምን? አይመስለኝም። ትናንት የተለካው ያኛው ቦይ ነው፤ ዛሬ የምንጠይቀው ይህኛውን። መሸጋገሪያው ሁለቱ ይመሳሰላሉ የሚለው እምነታችን ነው፤ ስሌቱ ስህተት ባይኖረውም እምነቱ ሊሳሳት ይችላል።

ለምሳሌ ደለልና አረም ቦዩን ሲወርሩት n ወደ 0.025 ከፍ ብትል ያው 3 ሜትር ኩብ 1.63 ሜትር ጥልቀት ይፈልጋል። ግድግዳው 1.5 ሜትር ከሆነ ውኃው ሞልቶ ይፈሳል።

ነገር ግን ግድግዳው ከዚያ ከፍ ብሎ አንድ ቦታ ላይ 1.63 ብንለካ፣ በዚህ ብቻ አረሙን መክሰስ የለብንም። ታች ያለው በር በከፊል ቢዘጋም ያው ቁጥር ሊታይ ይችላል፤ ይህ ውኃ ዝግ ብሎ ስለሚሄድ የበሩ ተጽእኖ ሽቅብ ይደርሰዋል። የመለኪያ እንጨት ይዞ ሽቅብ መሄድና በየመቶ ሜትሩ መለካት ያስፈልጋል። አረሙ ቦዩን እኩል ከሸፈነው ጥልቀቱ ባለበት ይቆያል። በሩ ከሆነ ግን ስንርቅ እየቀነሰ ወደ 1.10 ይጠጋል፤ ያን ጊዜ ፍሰቱ ወጥ አይደለምና ከዚያ ቦታ የሚሰላ n የግድግዳውን ሸካራነት አይነግረንም።