ሽምግልና ማለት የትኛው ነው?

ከዚራ ውስጥ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ውል የሚጻፍባት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ባለፈው ሰሞን አንድ የሰፈሬ ልጅ እዚያ ጠራኝ። ሾፌር ነው። ከአንድ ነጋዴ ጋር ገንዘብ አዋጥተው አይሱዙ ሊገዙ ነው፤ ነጋዴው ሁለት እጁን፣ እሱ አንድ እጁን ያዋጣል፣ መኪናውን የሚነዳው እሱ ነው። ሕግ ስለተማርኩ «አንዴ አንብብልኝ» አለኝ። ጸሐፊዋ ውሉን ጨርሳ ልታትመው ነበር። ከመጨረሻዎቹ መስመሮች በአንዱ እንዲህ ይላል፦ «በውሉ ምክንያት አለመግባባት ቢነሳ በሽምግልና ይፈታል።»

«ይሄ ሽምግልና የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

ሾፌሩ ሳቀ። «አቦ ምን ታካብዳለህ! ሽማግሌ ማለት ሽማግሌ ነዋ።»

ነጋዴው ግን አልሳቀም። «እኔ የገባኝ፣ ሦስት ሰው ይቀመጣል፣ የፈረዱትን እንቀበላለን ነው» አለ። ሾፌሩ ዞሮ አየው። «እንዴ ጋሼ! እኔ እኮ ያስታርቁናል ብዬ ነው።»

ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ሊፈርሙ ተቀምጠው፣ የተስማሙት ግን በሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበር። ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይመስለኝም፤ ቋንቋችንም ያግዛል። አማርኛ «ሽማግሌ» ሲል የሚያስታርቀውንም የሚፈርደውንም ይጠራበታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚፈርደውን «የዘመድ ዳኛ» ይለዋል፤ ሰውየው ዘመድ መሆን አይጠበቅበትም። በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237 ደግሞ «የግልግል ዳኝነት» እና «ዕርቅ» ብሎ ለያቸው። መንገድ ላይ ግን ሁሉም ሽምግልና ነው።

ልዩነቱን ለማስረዳት መኪናውን ገና ሳይገዛ አበላሸሁት። እንበል ሞተሩ ተነከሰ፣ ጥገናው 310,000 ብር ፈጀ። ሾፌሩ «የጋራ መኪና ነው፣ ከጋራ ገቢ ይከፈል» ይላል። ነጋዴው «ዘይት በጊዜው ስላልቀየርክ ነው፣ ከአንተ ድርሻ ይቆረጥ» ይላል።

በዕርቅ ከሄዱ የሚያምኑት ሰው መሃላቸው ይቀመጣል። ያዳምጣል፤ አንዱን ለብቻው ጠርቶ ያናግራል፤ «አንተ 100,000 ቻል፣ የቀረው ከገቢው ይውጣ» ብሎ ሐሳብ ያቀርባል። ሾፌሩ «አይሆንም» ካለ ግን ነገሩ እዚያው ያበቃል። አስታራቂው ምንም ማድረግ አይችልም። እየቀፈፈው «እውነት ነው፣ አንድ ጊዜ ዘይቱን አሳልፌያለሁ» ብሎ ቢናዘዝ እንኳ፣ ዕርቁ ሲፈርስ ነጋዴው ያንን ቃል ይዞ ሌላ ቦታ ማስረጃ እንዳያደርገው ሕጉ ይከለክላል። ሰው ልቡን እንዲከፍት የሚያደርገውም ይኸው ነው። ከተስማሙና ከፈረሙ ግን ያስራቸዋል፤ «ሐሳቤን ቀየርኩ» ማለት የለም።

በግልግል ዳኝነት ከሄዱ ሌላ ነው። አዋጁ እንደሚለው የዳኞቹን ቁጥር ካልወሰኑ ሦስት ይሆናሉ፦ እያንዳንዳቸው አንድ ይመርጣሉ፣ የተመረጡት ሁለቱ ሰብሳቢውን ይመርጣሉ። አንዱ ወገን መምረጥ እንቢ ቢል ፍርድ ቤት ይመርጥለታል። ዳኞቹ ማስረጃ ያያሉ፤ መካኒኩን ይሰማሉ፤ ከዚያ ይፈርዳሉ። ሾፌሩ ቢያለቅስም ባያለቅስም ፍርዱ ፍርድ ነው። ለዳኞቹ የሚከፍሉትም እነሱ ናቸው። እዚህ ላይ ለሾፌሩ የነገርኩት፣ ለ310,000 ብር ጸብ ሦስት ዳኛ መቅጠር ከሞተሩ ጥገና ጋር የሚፎካከር ወጪ ሊሆን እንደሚችል ነው። «አንድ ዳኛ» ብሎ መጻፍ ይቻላል።

ፍርድ ቤትን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ክስ፣ መጥሪያ፣ መልስ፣ ቀጠሮ፣ ምስክር፣ ደግሞ ቀጠሮ። ዳኛውን አንመርጥም። ፈቃዳችንንም ማንም አይጠይቅም፤ መጥሪያ ደርሶን ብንቀር ክሱ በሌለንበት ይታያል። በምትኩ ዳኛው ደመወዙን የሚያገኘው ከመንግሥት እንጂ ከነጋዴው ኪስ አይደለም፤ ፍርዱ ካልጣመንም ይግባኝ አለ።

ለእኔ የሦስቱ ልዩነት የሚገኘው «እንቢ» የምትለው ቃል ላይ ነው። በዕርቅ እንቢታህ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ኪስህ ውስጥ ናት። በግልግል ዳኝነት ጸቡ ሳይነሳ፣ ገና በፍቅር ጊዜ፣ ፈርመህ አስረክበሃታል። በፍርድ ቤት መጀመሪያም አልነበረችህም።

«በሽምግልና ይፈታል» የምትለዋ መስመር ጉዳቷ የሚታወቀው ጸቡ ሲመጣ ነው። ነጋዴው ፍርድ ቤት ይከሳል። የሾፌሩ ጠበቃ መልስ ሲያቀርብ «ጉዳዩ በግልግል እንዲያልቅ ተስማምተናል» ብሎ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ያነሳል። መቃወሚያው ከመነሻው መቅረብ አለበት፤ ዝም ብሎ ከተከራከረ በኋላ ማንሳት አይጠቅመውም። አሁን ፍርድ ቤቱ የሞተሩን ነገር ትቶ «ሽምግልና ስትሉ ምን ማለታችሁ ነበር?» ወደሚል ክርክር ይገባል። መኪናው ጋራዥ ቆሟል። ወራት ያልፋሉ።

«እሺ፣ የሚፈርድ ይሁን» አለ ሾፌሩ፣ ትንሽ ካሰበ በኋላ። «ግን ዳኞቹ ቢሳሳቱስ?»

ይህን ጥያቄ ከእሱ በፊት የጠየቀው፣ ከተቀመጥንበት መንገድ ማዶ የቆመው ባቡር ነው። ድሬዳዋ እንደ ከተማ የተወለደችው ሐዲዱ እዚህ በደረሰበት በፈረንጆቹ 1902 ነው፤ የከዚራ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችም የባቡር ኩባንያው ሥራ ናቸው። ሐዲዱ ሲያረጅ፣ በፈረንጆቹ 2006፣ የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር ድርጅት በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ መስመሩን ለማደስ ኮንስታ ከተባለ የጣሊያን ተቋራጮች ጥምረት ጋር ተዋዋለ። ሥራው ሳይጠናቀቅ ተጣሉ፣ ውሉ ተቋረጠ። ጉዳዩ ወደ ግልግል ዳኝነት ሄደ፤ መዝገቡን ያስተዳደረው ሄግ ያለው ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት ነው፣ የዳኝነቱ መቀመጫ ግን አዲስ አበባ ነበር። በፈረንጆቹ 2016 ዳኞቹ ለኮንስታ ፈረዱ፤ ገንዘቡ ወደ 20 ሚሊዮን ዩሮ ይጠጋል።

ድርጅቱ በዚህ አላበቃም። ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ሄደ፤ ችሎቱም በግንቦት 2010 መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት ብሎ የዳኞቹን ውሳኔ ሻረው። ይህን ለማድረግ መንገዱን ቀድሞ ጠርጎ ነበር። በ2003 በሌላ መዝገብ፣ ተዋዋዮች «የግልግል ዳኞቹ ውሳኔ የመጨረሻ ነው» ብለው ቢፈራረሙም ይህ ስምምነታቸው ሰበር ችሎትን እንደማያግደው ወስኗል።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ሰው አጋጥሞኛል። አንዱ «ዳኛህን ራስህ መርጠህ፣ ፍርዱ ሲጎረብጥህ ወደ መንግሥት ሮጠህ መጣህ፤ ቃልህ የታለ?» ይላል። እውነት አለው። በተለይ አንደኛው ተዋዋይ የመንግሥት ድርጅት ሲሆን፣ የውጭው ሰው ያንን ድርጅት ባለቤት ባደረገው አገር ፍርድ ቤት መሸነፉን በበጎ አያየውም፤ የግልግል ዳኝነትን መጀመሪያ የፈለገውም ይህን ፈርቶ ነው። ሌላው ደግሞ «ሕግን የጣሰ ፍርድ በስምምነት ሕግ አይሆንም፤ ሰው የፈረመው ለመዳኘት እንጂ ለስህተት አይደለም» ይላል። ይህም እውነት አለው።

እኔ ወደ መጀመሪያው አዘነብላለሁ፣ ግን ለኮንስታና ለምድር ባቡር ብቻ። ሁለቱም ጠበቃ ነበራቸው፤ የፈረሙትን ያውቃሉ። እንቢታን አስቀድሞ አሳልፎ መስጠት ቃል የሚሆነው ምን እንደሰጠህ ስታውቅ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ሾፌር ግን ከአሥር ደቂቃ በፊት የሚፈርድና የሚያስታርቅ ሽማግሌ መለየቱን እንኳ አላሰበበትም ነበር። ያኔ ፈርሞ ቢሆን፣ «ቃልህን ጠብቅ» ልለው አፌ አይደፍርም።

የ2013ቱ አዋጅ መሃል ቦታ ላይ ቆሟል። ተዋዋዮች ይግባኝ እንዲኖር ካልተስማሙ ይግባኝ የለም። ሰበር ግን የተገላቢጦሽ ነው፦ «አይኖርም» ብለው ካልተስማሙ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበትን ውሳኔ ሰበር ያያል። ማለትም ዝም ያለ ሰው አንዲት በር ክፍት ትቀርለታለች፤ መዝጋት የፈለገ በገዛ እጁ ይዘጋታል። ከውጭ አገር የሚመጡ ውሳኔዎችን በተመለከተም ኢትዮጵያ በ2012 የኒው ዮርክ ስምምነትን ተቀብላለች፤ ከዚያ በፊት ለተሰጡ ውሳኔዎች ግን ወደ ኋላ እንደማይሠራ አስመዝግባ ነው የገባችው።

ይህን ሁሉ ለሾፌሩ አላወራሁትም፤ ቡና ሦስተኛው ደርሶ ነበር። ሁለት ነገር ብቻ ጨመርኩ። አንደኛ፣ የግልግል ዳኞች ፖሊስ የላቸውም፦ የተፈረደበት አልከፍልም ካለ የረታው ሰው ለአፈጻጸም ዞሮ ዞሮ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ሁሉ ነገር ለግልግል ዳኛ አይሰጥም፤ ፍቺ፣ ግብር፣ የመሬት ጉዳይ አይሄድም። መኪና ይሄዳል።

ነጋዴው በመጨረሻ የጠየቀኝ ጥያቄ ግን አስደነገጠኝ። «ዳኛው አንድ ይሁን ካልን፣ የእኔ አጎት ቢሆንስ? ጨዋ ሰው ነው፣ ልጁም ያከብረዋል።» ሾፌሩ ወደ መሬት አየ። ያከብራቸዋል፤ ፊት ለፊት «አይሆንም» ሊል አይችልም። ለዕርቅ ቢሆን አጎትየው ችግር የላቸውም፤ ምናልባትም ጥሩ ናቸው፣ ምክንያቱም ሐሳባቸውን መቀበልም መተውም ይቻላል። ለመፍረድ ግን ዳኛው ከሁለቱም ወገን ነጻ መሆን አለበት፤ ይህን የሚያጠራጥር ነገር ካለም አስቀድሞ የመግለጥ ግዴታ አለበት። ይህን በአጎትየው ላይ ሳይሆን በሕጉ ላይ አሳብቤ ተናገርኩ። ሾፌሩ ተነፈሰ።

ጸሐፊዋ አሮጌዋን መስመር አጥፍታ አዲሱን ጻፈች፦ አለመግባባት ሲነሳ በመጀመሪያ አጎትየው በ30 ቀን ውስጥ ሊያስታርቋቸው ይሞክራሉ፤ ካልተሳካ ሁለቱም በጽሑፍ በሚስማሙበት አንድ የግልግል ዳኛ በድሬዳዋ ይታያል፤ በዳኛው ካልተስማሙ ፍርድ ቤት ይሾምላቸዋል። ስለ ሰበር ምንም አልጻፍንም። ሾፌሩ በሩ ክፍት ይቅር አለ፣ ነጋዴውም ተስማማ።

«ስምንት መስመር ሆነ» አለች ጸሐፊዋ። «የተጨማሪ ገጽ ታስከፍላችኋለች።»