ላመጣውም ለመጣውም የሚበቃ ስጦታ

ልጆቼ፣ ትንሽ ጂም ከፍታችሁ «ጓደኛ ይዞ ለመጣ፣ ለሁለቱም አንድ ወር በነፃ» የሚል ወረቀት በር ላይ ልትለጥፉ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከመለጠፋችሁ በፊት ሂሳቡን አብረን እንየው። የአነስተኛ ንግዶችን መዝገብ ስይዝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህ ማስታወቂያ ለሁለቱም ወገን እኩል የሰጠ ይመስላል፤ ለባለቤቱ ግን አንደኛው ወር ከሌላው ብዙ እጥፍ ይከብዳል።

ለምሳሌ አንድ ጂም እንውሰድ። አዲስ አበባ ውስጥ ሕንፃ ላይ የተከራየ፣ 120 አባላት ያሉት፣ በወር 2,000 ብር፣ ለመመዝገቢያ ደግሞ 500 ብር የሚያስከፍል እንበል። የናንተ ቁጥር ሌላ ከሆነ በሱ ተኩት፤ መንገዱ ያው ነው። ኪራዩ፣ የአሰልጣኞቹ ደመወዝና የማሽኖቹ ዕዳ አንድ ሰው ቢጨመርም ባይጨመርም ከቦታቸው አይነቃነቁም። አዲስ ሰው ሲገባ የሚጨምረው ወጪ የሻወር ውሃው፣ ሳሙናው፣ የፎጣ እጥበቱ፣ ትንሽ መብራትና የማሽኖቹ ማለቅ ነው። ይህን ሁሉ ደምረን በወር 300 ብር እንበለው።

አሁን ሁለቱን ነፃ ወሮች ለየብቻ መዝኑ። ለአዲሱ ሰው የምትሰጡት ነፃ ወር የሚያስወጣችሁ 300 ብር ነው፤ ባትጋብዙት ኖሮ አይመጣም ነበርና የቀረባችሁ ገቢ የለም። ላመጣው ሰው የምትሰጡት ነፃ ወር ግን 2,000 ብር ነው። እሱ በሚቀጥለው ወር በቴሌብር ሊልክላችሁ የነበረውን ገንዘብ ነው «ይቅር» ያላችሁት። ብዙ ወጣት ባለቤቶች ከሳጥን የወጣ ብር ስለሌለ ያልከፈሉ ይመስላቸዋል፤ ጉድለቱ የሚታያቸው የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ነው።

እስከ መጨረሻው እንከተለው። አዲሱ ሰው አንድ ወር ከፈለ፣ ሁለተኛውን በነፃ ሠራ፣ ከዚያ ጠፋ። ከመመዝገቢያው ጋር ያስገባው 2,500 ብር ነው። ለሁለት ወር 600 ብር አስወጣ፤ ያመጣው ጓደኛው ደግሞ 2,000 ብር ቀረለት። በዚህ አባል ምክንያት 100 ብር ጎደላችሁ ማለት ነው። ጂም ውስጥ ደግሞ ከአንድ ወር በኋላ የሚጠፋ ሰው ብዙ መሆኑን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ስጦታ ከመቁረጣችሁ በፊት ከመዝገባችሁ አንድ ነገር አውጡ፤ አባል በአማካይ ስንት ወር ይቆያል? ጥናት አያስፈልገውም። ባለፈው ወር ከነበሩት 120 ሰዎች ውስጥ ያላደሱት 24 ከሆኑ፣ በወር አንድ አምስተኛው ይሄዳል፤ አማካይ ቆይታው ወደ አምስት ወር ነው። ከእያንዳንዱ ወር ክፍያ 300 ብሩን ስትቀንሱ 1,700 ብር ይተርፋል፤ በአምስት ወር 8,500 ብር። ይህን ቁጥር አይቶ «እንግዲያውስ 3,000 ብር ብሸልም ምን አለበት» የሚል ይኖራል። አለበት። አማካይ ማለት አንዱ ዓመት ቆይቶ ሌላው በወሩ ሲሄድ የሚገኝ ቁጥር ነው፤ ስጦታውን የምትሰጡት ግን የትኛው እንደሚቆይ ሳታውቁ በመጀመሪያው ቀን ነው። የምመክራችሁ ስጦታው አዲሱ ሰው በእርግጥ ከከፈለው ገንዘብ እንዳያልፍ፣ ትልቁ ክፍልም ሁለተኛውን ወር እስኪከፍል እንዲጠብቅ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ፍትሕ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ያመጣው ሰው ድርሻውን ተወጥቷል፤ ጓደኛው ቢሰንፍ እሱ ለምን ይቀጣል? ትክክል ነው። በሌላ በኩል ሁሉንም በመጀመሪያው ቀን ብትሰጡት፣ ለመቆየት የማያስበውን ሁሉ ጎትቶ ያመጣል። ስለዚህ ስጦታውን ለሁለት እንክፈለው፤ ጓደኛው ተመዝግቦ ሲከፍል አምስት ቀን፣ ሁለተኛውን ወር ሲከፍል ደግሞ አሥር ቀን በአባልነቱ ላይ ይጨመርለት። በ2,000 ብር ወር አምስቱ ቀን ወደ 333 ብር፣ አሥሩ ወደ 667 ብር ነው፤ በድምሩ 1,000 ብር። ለአዲሱ ሰው ደግሞ የመመዝገቢያውን 500 ብር ተዉለት፤ አንድ ሙሉ ሰዓትም ከአሰልጣኝ ጋር ይሥራ፤ ለአሰልጣኙ 300 ብር ክፈሉት።

ይህን እንደገና እናስላው። አዲሱ ሰው በወሩ ቢጠፋ፣ ከ2,000 ብር ላይ 300 የራሱ ወጪ፣ 300 የአሰልጣኙ፣ 333 ያመጣው ሰው ድርሻ ይቀነስና 1,067 ብር ይቀራችኋል። ሁለተኛ ወር ቢከፍል ከ4,000 ብር ላይ 600፣ 300 እና 1,000 ሲቀነስ 2,100 ብር ይተርፋል። በየትኛውም መንገድ ጎደሎ ውስጥ አትገቡም፤ ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ደግሞ 1,700 ብሩ በሙሉ የናንተ ነው።

የአሰልጣኙን ሰዓት እንደ ማባበያ ብቻ አትዩት። አዲስ ሰው ጂም የሚተወው ብዙውን ጊዜ በክፍያው አይደለም። ገብቶ የኬብል ማሽኑን እንዴት እንደሚይዝ አያውቅም፣ ሰው ሁሉ የሚያየው ይመስለዋል፣ በሁለተኛው ቀን ጡንቻው ተሳስሮ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል፣ ከዚያ ይቀራል። ያች አንድ ሰዓት ቀለል ያለ ፕሮግራም ተጽፎለት፣ ክብደቱ ተመጥኖለት የሚወጣባት ከሆነች፣ ከነፃ ወር የበለጠ ታቆየዋለች።

ለማን ይብዛ ለሚለው፣ ጋንግሶግ ርዩ እና ሎረንስ ፊክ የተባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2007 ያወጡት ጥናት የሚረዳ ይመስለኛል። በቅርብ ለሚተዋወቁ ሰዎች ከሽልማቱ ቢያንስ የተወሰነው ለተጋባዡ ቢሰጥ የተሻለ እንደሚሠራ፣ እምብዛም ለማይተዋወቁት ግን ለጋባዡ መስጠቱ እንደሚበጅ አሳይተዋል። የሰፈር ጂም ደግሞ የሚያድገው በቅርብ ሰው ነው፤ በእህት፣ በሥራ ባልደረባ፣ አብሮ በአንድ ታክሲ በሚሳፈር ሰው። ያ ሰው «ና እንሥራ» ሲል ጓደኛው በልቡ «ይሄ ስንት ሊያገኝብኝ ነው?» ብሎ ካሰበ ነገሩ ይበላሻል። «አንተ መመዝገቢያ አትከፍልም» ማለት ከቻለ ግን ይዞለት የመጣው ነገር አለ፤ አያፍርም።

ላመጣው ሰው ጥሬ ብር እንዳትሰጡ የምለውም ለዚህ ነው። ብር በእጅ ሲቀበል ደላላ የሆነ ይመስለዋል፤ ደላላ ለሥራው መቀበሉ ነውር አይደለም፤ ጓደኛ በጓደኛው ላይ ሲቀበል ግን ይከብዳል። በአባልነቱ ላይ የሚጨመሩ ቀናት ከዚሁ ከጂሙ ናቸው፣ አብረው ይሠሩባቸዋል። እኔ ያየኋቸው አባሎች ቀን ሲጨመርላቸው በግልጽ ይናገራሉ፤ ብር የተቀበሉት ግን ይደብቃሉ።

ሁለቱም ወገን ደስ ቢላቸውም ሦስተኛ ወገን አለ፤ ማንንም ሳያመጣ በየወሩ ሙሉ ክፍያ የሚከፍለው ነባር አባል። ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ሁለቱ ትሬድሚሎች ላይ ወረፋ ካለ፣ የምታመጡት እያንዳንዱ አዲስ ሰው ከእሱ ጊዜ ላይ ይወስዳል። እንዲህ ባለ ጊዜ ስጦታውን ወደ ባዶው ሰዓት አዙሩት፤ መመዝገቢያው የሚቀረው ከጠዋቱ 4 እስከ 10 ሰዓት ባለው የቀን ፈረቃ ለሚመዘገብ ይሁን። ማታው ሞልቶ እያለ ለማታ ሰው መሸለም፣ አሥር ሰው አስገብቶ ስድስት ነባር ማስወጣት ሊሆን ይችላል።

ለመዝገቡ አራት ዓምድ ይበቃዋል፤ የአዲሱ ሰው ስምና ስልክ፣ ያመጣው ሰው፣ የመጀመሪያው ክፍያ ቀን፣ የሁለተኛው ክፍያ ቀን። ያመጣው ሰው ስም ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት ይጻፍ፤ ከፍሎ ከገባ በኋላ «እኔ ነኝ ያመጣሁት» ባይ ብዙ ይነሳል። ከስድስት ወር ወዲህ አባል የነበረ ሰው እንደ አዲስ አይቆጠርም፤ አለዚያ ሰው ወር እየዘለለ ጓደኛው እንዲያመጣው ያደርጋል። ለባልና ሚስት ቅናሽ ካላችሁ ከቅናሹና ከስጦታው አንዱን ይምረጡ። አሰልጣኞችና እንግዳ ተቀባይዋ በዚህ ውስጥ አይግቡ፤ ራሱ በሩን ገፍቶ የመጣውን ሰው በአንዱ ስም መጻፍ ለነሱ ቀላል ነው። እነሱን መሸለም ከፈለጋችሁ በደመወዛቸው በኩል፣ ባደሱ አባላት ቁጥር ይሁን።

ጾምን አትርሱ። ከሁዳዴ ወይም ከረመዳን በፊት ባለው ሳምንት የተመዘገበ ሰው ሁለተኛ ክፍያው በጾሙ ውስጥ ይወድቃል፤ ብዙው «ከበዓሉ በኋላ» ይላል። አባልነቱን ማቆም ከፈቀዳችሁለት፣ ያመጣው ሰው አሥር ቀንም አብሮ ይጠብቅ እንጂ አይሰረዝ።

ሕጉም አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በፒራሚድ መልክ የሚደረግ ሽያጭን ይከለክላል። አንዱ ያመጣው ሰው ሌላ ሲያመጣ ለመጀመሪያው አምጪም የሚደርስበት፣ ወይም በሰው ቁጥር ልክ እየጨመረ የሚሄድ ሽልማት አትጀምሩ። አንድ ሰው ለአንድ ጓደኛ ያው 15 ቀን፣ በዓመትም ከአራት ሰው በላይ እንዳይቆጠር ወስኑ፤ ወረቀቱንም ከመለጠፋችሁ በፊት ለክፍለ ከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት አሳዩ።

ከሦስት ወር በኋላ መዝገቡን ክፈቱና በጓደኛ ከመጡት ስንቶቹ ሁለተኛ ወር ከፈሉ፣ በራሳቸው ከመጡትስ ስንቶቹ ብላችሁ አወዳድሩ። ፊሊፕ ሽሚት፣ በርንድ ስኪራ እና ክሪስቶፍ ቫን ደን ቡልተ በፈረንጆቹ 2011 ባወጡት ጥናት አንድ የጀርመን ባንክ በነባር ደንበኞቹ በኩል የመጡለት ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ሲቆዩ ታይቷል። በናንተ ዘንድ ልዩነት ከሌለ ግን ስጦታው የሚጠራው ለመቆየት የማያስበውን ነውና አምስቱን ቀን አጥፉ፤ አሥሩን አሥራ አምስት አድርጉና ሁሉንም ወደ ሁለተኛው ክፍያ አዙሩት። አዲሱ ደንብ ከወጣበት ቀን በኋላ ለሚመጡት ብቻ ይሠራል፤ ቀድሞ የተጻፈ ስም ያለው ሁሉ በገባበት ቃል ቀኑን ያገኛል።