ቋንቋ የሚሞተው በማን ቤት ነው?

ኮልፌ፣ አጠና ተራ አካባቢ አንዲት ጎረቤቴ ቡና ጠርታኝ ነበር። የባለቤቷ እናት ከቸሃ፣ ከእምድብር አቅራቢያ መጥተው ኮልፌ ከገቡ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ለትልቋ የልጅ ልጃቸው በቸሃ አንድ ነገር ሲሏት በዚያው መለሰችላቸው። መካከለኛው የሚሉት ገብቶታል፤ የመለሰው ግን በአማርኛ ነው። የሰባት ዓመቱ ትንሹ ልጅ ደግሞ ወደ እህቱ ዞሮ፣ «አያቴ ምን እያለች ነው?» አላት።

አንድ ቤት፣ ሦስት ልጆች፣ ሦስት ዘመን!

«ከዛሬ ጀምሮ ቸሃ ይቅር» ያለ ሰው እኮ እዚያ ቤት የለም። እናትየዋን ብጠይቃት፣ «ትልቋን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ትንሹን ግን ገና አፉን ሳይፈታ መዋዕለ ሕፃናት አስገባሁት። ይሳቁበታል ብዬም ፈራሁ» አለችኝ። ምን ትባላለች? የልጇን ነገር ማሰቧ ነው።

የቋንቋ ጤና የሚለካውም ከዚህ ቤት ነው። ዩኔስኮ የሰበሰባቸው ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ዘጠኝ መመዘኛዎች አውጥተዋል። የተናጋሪው ብዛት፣ የትምህርት መጽሐፍ መኖር፣ የመንግሥትና የባለቤቶቹ አመለካከት ሁሉ ይታያል። የመጀመሪያው መመዘኛ ግን ከወላጅ ወደ ልጅ መተላለፉ ነው። ሕፃናቱ ሁሉ የሚናገሩት 5 ያገኛል። ወላጆችና አዛውንት ብቻ የሚናገሩት 3 ነው፤ አያቶች ብቻ የቀሩበት 2፣ በጣት የሚቆጠሩ ቅድመ አያቶች የቀሩበት 1፣ ከነጭራሹ ተናጋሪ የሌለው ዜሮ።

ከብዛቱ ይልቅ ይህ ለምን ቀደመ? አንድ ሺህ ተናጋሪ ያለው ቋንቋ፣ ሕፃናቱ የሚጫወቱበት ከሆነ፣ ነገም አለ። መቶ ሺህ ሽማግሌ የሚናገረው ግን ቀኑ የተቆረጠ ነው። ስለዚህ «ትችላለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያዋጣም፤ ያፈረ ሰው እየቻለ አልችልም፣ የኮራ ሰው ሳይችል እችላለሁ ይላል። የሚሻለው፣ እናት ትንሹን ልጅ በምን እንደምትቆጣና ልጆቹ ብቻቸውን ሲሆኑ በምን እንደሚጣሉ ማዳመጥ ነው።

እንዲህ ስል ቸሃ አለቀለት ማለቴ አይደለም። የጎረቤቴ ቤት ቢመዘን 5 አያገኝም፤ አገር ቤት ግን ልጆች አሁንም አፍ ይፈቱበታል። ከተማ ቢያፈስ ምንጩ ይሞላል። ጭንቁ ምንጩ ራሱ ሲነጥፍ ነው።

ቅማንትኛን እንይ። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ቅማንት ነኝ ያለው ሰው ከ172 ሺህ በላይ ነበር። ቅማንትኛን አፍ መፍቻዬ ነው ያለው ግን 1,625 ብቻ ነው፤ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የቋንቋ ምሁር ዘለዓለም ልየው በጭልጋና በላይ አርማጭሆ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት መጽሐፍ ተናጋሪዎቹ በዕድሜ የገፉ መሆናቸውን አሳይተዋል። በልኬቱ 2 ወይም 1 መሆኑ ነው። ቅማንት ደግሞ ቋንቋውን የሚሞላለት ሌላ አገር ቤት የለውም፤ አገር ቤቱ ይኸው ነው።

እዚህ የደረሰው በአንድ ቀን አይደለም። ገበያው በአማርኛ ሆነ፣ ፍርድ ቤቱ በአማርኛ፣ ትምህርት ቤቱ በአማርኛ። ብዙው ሰው ወደ ኦርቶዶክስ ክርስትና ሲገባ፣ በወምበሮቹ የሚመራው የጥንቱ እምነት ጠበበ፤ ቋንቋው ከምንም በላይ ጸንቶ የቆየበት ጸሎትም አብሮት ጠበበ። በዚህ ላይ ንቀት ነበር። ወላጅ ልጁን ከንቀት ለማዳን በአማርኛ አሳደገው። እያንዳንዱ ቤት ለራሱ ብልህ ነበር፤ የብልሆቹ ድምር ግን አንድ ቋንቋ አሳጣ።

ታዲያ ጥፋተኛው ወላጅ ነው? እኔ እንዲህ ለማለት አንደበቱ የለኝም። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን አንድ ተማሪ ግጥም ሲያነብ የጉራጌ ቅላጼው ክፍሉን አሳቀው። እኔም ፈገግ አልኩ። ልጁ ከዚያ በኋላ በክፍሌ ድምፁን አላሰማም። ዛሬ አባት ሆኖ ከሆነ፣ ለልጁ በምን ቋንቋ እንደሚያወራ ለመገመት አልቸገርም። የዘጠኙ መመዘኛ ሠንጠረዥ ያቺን ፈገግታ የሚጽፍበት ቦታ የለውም።

ማንም እናት ለእኛ ቅርስ እንዲሆነን ብላ ልጇን የመሳቂያ ዕዳ ልታሸክም አይገባም። ግን ልጅ ሁለት ቋንቋ አይከብደውም። ትልቋ የጎረቤቴ ልጅ በአማርኛም ከክፍሏ ከፊት ናት። ወላጅን ያስመረጠው የልጁ አቅም ማነስ ሳይሆን የእኛ ሳቅ ነው።

ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ትልቋ ለትንሹ ወንድሟ አያቱ ያሉትን ተረጎመችለት። «ወደ እኔ ና» ነበር ያሉት።