ትኩሳትና ወረቀት

እህቴ፣

እናታችን «ለእህትህ ሁለት ቃል ምክር ጻፍላትና ሻንጣዋ ውስጥ አስገባው» ካለችኝ ጀምሮ እስክሪብቶ አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ልጽፍ ስቀመጥ ከምክሩ ቀድሞ የመጣብኝ ጥርጣሬ ነው። ለመሆኑ እኔ ከቤት ርቆ ስለ መማር ምን አውቃለሁ? የተማርኩት እዚሁ አርባ ምንጭ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ከያዝኩ ቁርስ ሳይነሳ ብርብር እገባ ነበር፤ እሑድ ማታ ስመለስ ደግሞ የጓሯችን ሙዝ በማዳበሪያ ተቋጥሮ ይሸኘኛል። አንቺ የምትሄጂው ደብረ ብርሃን ነው። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ ከዓባያ ሐይቅ ዳር ሙቀት ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ። ከቤቱ ያልራቀ ሰው ስለ ርቀት ሲመክር ማን ይሰማዋል?

እንግዲህ ከራሴ ባጣው ከሌሎች ልዋስ ብዬ፣ ልጅ ሲሸኝ የሚባለውን ሁሉ አንድ በአንድ አነሳሁት። «በርትተሽ ተማሪ» ይባላል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህም ፈተናው አልላላም። ያንን አልፋ የመጣችን ልጅ «በርቺ» ማለት ለመካሪው ደስታ እንጂ ለእሷ ምን ይጨምራል? «ከክፉ ጓደኛ ተጠበቂ» ይባላል። ክፉ ጓደኛ መሆኑ የሚታወቀው ጓደኛ ከሆነ በኋላ ነው። እነዚህ ቃላት ውሸት ሆነው አይደለም የተውኳቸው፤ ማክሰኞ ጠዋት ከእንቅልፍሽ ስትነሺ ምን እንደምታደርጊ ስለማይነግሩሽ ነው። እኔ የምፈልገው በየትኛው ቀን፣ የትኛው በር ላይ ሄደሽ፣ ምን እንደምትዪ የሚነግርሽን ነው።

እንዲህ ስል አንድ ነገር ገባኝ። እኔ ሩቅ አልሄድኩም፤ ሩቆቹ ግን ወደ እኔ መጥተዋል። ዶርማችን ውስጥ ከትግራይ፣ ከወለጋ፣ ከጎጃም የመጡ ልጆች ነበሩ። አንቺ ነገ የምትሆኚውን እኔ በሌሎች ላይ አይቻለሁ። ከሁሉም ያልረሳሁት ከመንዝ የመጣውን ልጅ ነው፤ አንቺ የምትሄጂበትን አገር ትቶ እኛ አገር የተማረ፣ መንገድሽን በግልባጭ የተጓዘ ልጅ።

ፋይናል ሊጀምር ጥቂት ሲቀረው አመመው። ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ ከዚያ ይግላል፣ ከዚያ ላብ ያሰምጠዋል። በማግስቱ ደህና ሆኖ ላይብረሪ ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ያው ነው። እኛ የቆላ ልጆች «ወባ ነው፣ ክሊኒክ ሂድ» አልነው። እሱ የጥናት ድካም ነው ብሎ ማስታገሻ ገዛ። ሲብስበት ደግሞ የታመመ ሰው የሚመኘውን ተመኘ፤ እናቱን። ለማንም ሳይናገር ሌሊት ተነሥቶ በአውቶቡስ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ መንዝ ገባ።

ደጋ ላይ የታየበት ክሊኒክ «ታይፎይድና ታይፈስ» ብሎ መድኃኒት ሰጠው። ትኩሳቱ በረድ አለና ተመለሰ። ብዙ ቆይቶ አንድ ባለሙያ «የት ነው የምትማረው?» ብሎ ጠየቀው። አርባ ምንጭ ሲል ደሙ በማይክሮስኮፕ ታየ፤ ወባ ነበር። ዳነ፣ ተመለሰም። ሬጅስትራር ግን ያመለጡትን ፈተናዎች በተመለከተ የሕክምና ማስረጃ ጠየቀው። በእጁ የነበረው ወረቀት ቀኑ ከፈተናው በኋላ የሆነ፣ በሽታውም ታይፎይድ የሚል ነው። ከግቢው ክሊኒክ ምንም የለውም፣ ለትምህርት ክፍሉም አልተናገረም። ያልተፈተነባቸው ኮርሶች ኤፍ ሆኑበትና አንድ ዓመት ከሰረ።

ይህን ልጅ የጣለው ትኩሳቱ ነው ወይስ ወረቀቱ? ብዙ ጊዜ አውጥቼ አውርጄዋለሁ። በሽታው ባይኖር ፈተናውን አይተውም ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ሌላ የሩቅ አገር ተማሪ ታማ ፎርም ሞልታ ወጥታ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሳ ካቆመችበት ቀጠለች። እንግዲያ ትኩሳት ብቻውን ዓመት አይበላም ማለት ነው። ወረቀት ብቻውንስ ያድናል? ፈጥኖ ቢመረመር ኖሮ የመድኃኒቱ ጊዜ ጥቂት ቀን ነበርና ፈተናው ላይ ሊደርስ ይችል ነበር። ሁለቱን መለየት ስላቃተኝ ሁለቱንም እጽፍልሻለሁ።

የመጀመሪያው ይኸውልሽ፤ ትኩሳት ሲይዝሽ ሌላውን ከመናገርሽ በፊት ከየት እንደመጣሽ ተናገሪ።

አጎታችን ይህን ሲሰማ «ወባ የለመደን ሰው አይጥልም» አለኝ። እኔም ለጊዜው አመንኩት፤ ልጅ ሳለን ስንቴ ይዞን ስንቴ ለቆናል። ኋላ ሳስበው ግን ያ ልማድ የሚገኘው ደጋግሞ በመነከስ ነው፤ ርቀሽ ከቆየሽ እየሳሳ ይሄዳል። በዚያ ላይ የእኛ አገር ወባ እንደ ወቅቱ የሚመጣና የሚሄድ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል፣ ከበልግ ዝናብ በኋላ ደግሞ ጥቂት ይነሣል። እንዲህ ያለ ወባ ሰውነትን በደንብ አያለማምድም። ስለዚህ የዓባያ ልጅ መሆንሽን እንደ ክትባት አትቁጠሪው።

ደብረ ብርሃን ላይ ወባ የለም ይሉሻል፤ እውነታቸውን ነው። በዚያ ከፍታና ብርድ ትንኟ በሽታውን አታስተላልፍም። አንቺ ግን ይዘሽው ልትሄጂ ትችያለሽ። እኛ ጋ ሁለት ዓይነት ወባ አለ። ፋልሲፓረም የሚባለው ከተነከሱ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከሳምንት እስከ ወር ባለው ጊዜ ይገለጣል፤ ገዳዩም እሱ ነው፣ ቀናት አይታገስም። ቫይቫክስ የሚባለው ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሣል። ኅዳር ላይ ብርብር የታከመች ልጅ መጋቢት ላይ ደብረ ብርሃን፣ አንዲት ትንኝ ሳትነክሳት፣ ልትታመም ትችላለች። የሚያይሽ ሐኪም የደጋ ሰው ብቻ ሲያይ የዋለ ስለሆነ ጉንፋን ወይም ታይፎይድ ቢል አልፈርድበትም። የታይፎይድና የታይፈስ የደም ምርመራው ደግሞ ድሮ የነበረ ነገርን እያነሣ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ስለዚህ «ከምዕራብ ዓባያ ነው የመጣሁት፣ ወባማ አገር ነው፣ የወባ ምርመራ እዘዙልኝ» በዪ። የጣት ደም በፈጣኑ መመርመሪያ ታይቶ «የለም» ቢባልና ትኩሳቱ ቢመላለስ፣ በማይክሮስኮፕም እንዲታይ ጠይቂ፤ በአገራችን አንዳንዱ ፈጣን መመርመሪያ የሚያመልጡት የፋልሲፓረም ዝርያዎች ተገኝተዋል።

ቫይቫክስ ከሆነ ከሦስቱ ቀን ክሎሮኪን ሌላ ጉበት ውስጥ ያለውን የሚያጠፋ ፕሪማኩዊን የሚባል የ14 ቀን ክኒን አለ። ለሁሉም ሰው አይሰጥም፤ ለአንቺ ይስማማ እንደሆነ የሚወስነው ባለሙያው ነው። ከተሰጠሽ ግን በአራተኛው ቀን «ድኛለሁ» ብለሽ አትተዪው። እኛ ቤት ተጀምሮ መስኮት ላይ የቀረ ክኒን ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ።

እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ገባኝ። ገና ከመድረሷ «ወባማ አገር ነው የመጣሁት» ስትል ዶርም ውስጥ ቢሸሿትስ? ወባ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽም፣ በማዕድም፣ አልጋ በመጋራትም አይተላለፍም። የሚሸሽ ካለ ይህንኑ ንገሪው። ደግሞም ዶርሙን ሁሉ ሰብስበሽ እንድትናገሪ አይደለም፤ ክሊኒኩ በር ላይ መናገርሽ ይበቃል።

ሁለተኛው፤ ከግቢ ስትወጪ በወረቀት ውጪ።

ይህኛው ከመጀመሪያው ይልቅ አስቸግሮኛል። እኛ ያደግነው ሰው ሲታመም ጎረቤት በሚሰማበት፣ ሽማግሌ በቃሉ በሚታመንበት አገር ነው። ለአለቃሽ «አሞኝ ነበር» ብትዪ ፊትሽን አይቶ ያምንሻል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግን ፊትሽን የሚያውቅ ሰው ቢሮው ውስጥ የለም፤ ያለው ማኅደርሽ ነው። በመጀመሪያ ይህ ጭካኔ መሰለኝ። በኋላ ግን ሬጅስትራሩ በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎችን አንድ በአንድ በፊታቸው ቢያምን ኖሮ፣ የሚጠቀመው በደንብ የሚያወራው እንጂ በደንብ የታመመው አይሆንም ነበር ብዬ አሰብኩ። ዓይን አፋር ለሆነች ለአንቺ ዓይነቷ ወረቀት ከአንደበት ይሻላል።

ስለዚህ ከታመምሽ መጀመሪያ የምትሄጂው ግቢው ውስጥ ወዳለው ክሊኒክ ይሁን፤ ሕመሙ ቀላል ቢመስልሽም ካርድ አውጪ። ያ ካርድ በየትኛው ቀን እንደታመምሽ ይመሰክራል። ከአቅማቸው በላይ ከሆነ ሪፈር ይጽፉልሻል፤ ሪፈሩን ፎቶ አንሺው። ፈተና ሊያመልጥሽ ከሆነ ማስረጃውን ይዘሽ ወደ ትምህርት ክፍልሽ ሂጂ፤ መሄድ ካልቻልሽ የዶርም ልጅ ትሂድልሽ። ማስረጃ የሚቀበሉበት ጊዜ አጭር ነው፣ ከተሻለሽ በኋላ ማለት ብዙ ጊዜ ከረፈደ በኋላ ነው።

ሴሚስተሩን ጨርሶ መቀጠል ካልቻልሽ፣ በሕመምም ይሁን እኛ ቤት ችግር ደርሶ፣ የዊዝድሮዋል ፎርም ሳትሞዪ አውቶቡስ አትሳፈሪ። ፎርሙን ትምህርት ክፍሉ ይፈርምበታል፣ ከዚያ የላይብረሪ መጽሐፍ፣ የዶርም ቁልፍና ፍራሽ፣ የካፌ ካርድ እየመለስሽ ክሊራንስ ታስጨርሻለሽ፣ በመጨረሻ ሬጅስትራር ይቀበለዋል። አሰልቺ ነው፤ የታመመ ሰው በየቢሮው ሲዞር ማየት ያሳዝናል። ግን በዚያ ወረቀት የወጣ ተማሪ ሪአድሚሽን ሲጠይቅ የሚያሳየው አለው። ዝም ብሎ የወጣ ግን መጀመሪያ ለምን እንደጠፋ ማስረዳት አለበት። ከቤት ስልክ ደውለን «እናትሽ ታማለችና ነይ» ብንልሽ እንኳ ያንን ወረቀት ጨርሰሽ ነይ። እኔ እናታችን ጋ እቀመጣለሁ።

ያልተፈታልኝ አንድ ነገር ይቀራል። ይህ ሁሉ እኔ በተማርኩበት ጊዜና ቦታ ያየሁት ነው። ማስረጃ ስንት ቀን ድረስ እንደሚቀበሉ፣ ፎርሙ ከየትኛው ቢሮ እንደሚወሰድ፣ የውጭ ክሊኒክ ወረቀት ይበቃ እንደሆነ ከግቢ ግቢ ይለያያል። ጤነኛ ሆነሽ ሳለሽ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ሬጅስትራሩን ጠይቂና ለእኔም ጻፊልኝ። የጎረቤታችን ልጅ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው፤ ለእሱም ልንገረው።